የጅማ ዝናብ፦ ከጠዋት ጉም እስከ ከሰዓት ነጎድጓድ (ለ7ኛ እና 8ኛ ክፍል ፈተና)

ጅማ ከባህር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፣ ዝናቡም ክረምት ላይ ብቻ አይደለም፣ ከመጋቢት አካባቢ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ይዘልቃል፤ የውሃ ዑደትን በአይን እያዩ ለመማር እንደኛ ከተማ የሚመች ቦታ ብዙ የለም።

ዑደቱ ራሱ አጭር ነው። ፀሐይ ውሃውን ታተናለች፣ ዛፎችም በቅጠላቸው ተን ያወጣሉ (ትራንስፓይሬሽን የሚባለው፣ ጫካና ጥላ ያለው የቡና ማሳ ባለበት ድርሻው ቀላል አይደለም)፣ ተኑ ሽቅብ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ደመና ይሆንና ይዘንባል። ከዛ ከፊሉ መሬት ውስጥ ይሰርጋል፣ ከፊሉ በአዌቱ ወንዝ አድርጎ ወደ ግልገል ጊቤ፣ ከዛ ኦሞ፣ መጨረሻ ላይ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ቱርካና ወደ ባህር መውጫ ስለሌለው እዛ የደረሰው ውሃ የሚወጣው በትነት ነው፤ ስለዚህ "ወንዙ ባህር ገባ" የሚለው መልስ ለጅማ ውሃ አይሰራም።

ተማሪ የሚምታታበት ሪላቲቭ ሂዩሚዲቲ ላይ ነው። አየሩ ውስጥ ያለው ተን፣ በዛ ሙቀት አየሩ ሲጠግብ ከሚኖረው ተን ስንት ፐርሰንት ነው ማለት ነው። ለምሳሌ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ 16 ዲግሪ ነው፣ ሜዳው ላይ ጉም ተኝቷል እንበል። ጉም ካለ አየሩ ጠግቧል፣ 100 ፐርሰንት። በ16 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚጠግበው ወደ 13.6 ግራም ተን ሲኖረው ነው። ከሰዓት 8 ሰዓት ሙቀቱ 26 ቢደርስ ለመጥገብ 24.4 ግራም ያህል ያስፈልጋል፣ ያለው ግን ያው 13.6 ከሆነ ለ24.4 ሲካፈል 56 ፐርሰንት ገደማ ይመጣል። ፐርሰንቱ ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ እንጂ ተኑ የትም አልሄደም፣ ፈተና ላይ ብዙ ልጅ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

አሁን ይሄ የሞቀ አየር ይነሳል። በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፣ የጤዛ ነጥቡ፣ ማለትም አየሩ ሲቀዘቅዝ የሚጠግብበት ሙቀት፣ እኛ ጋ የጠዋቱ 16፣ ደግሞ ወደ 2 ዲግሪ ይወርዳል፣ ስለዚህ በመካከላቸው ያለው ልዩነት በየ1,000 ሜትሩ በ8 ዲግሪ ይጠባል። እኛ ጋ ልዩነቱ 26 ሲቀነስ 16፣ 10 ዲግሪ ነው፣ እሱን ለ8 አካፍለን በ1,000 ስናባዛ ከመሬት በላይ 1,250 ሜትር። የደመናው ስር እዛ ከፍታ ላይ ይጀምራል፣ ከስር ለጥ ያለ የሚመስለውም ለዚህ ነው። ተኑ በጥቃቅን አቧራ ላይ ወደ ጠብታ ሲለወጥ ሙቀት ይለቃል፣ ያ ሙቀት አየሩን የበለጠ ይገፋዋል፣ ኩሙለስ የሚባለው ክምር ደመና አድጎ ረጅሙ የነጎድጓድ ደመና ኩሙሎኒምበስ ይሆንና ነጎድጓዱ ይመጣል።

ፍሮንት የሚባለው፣ ሞቃትና ቀዝቃዛ አየር የሚገናኙበት ድንበር፣ ሌላ ነው። ቀዝቃዛ ፍሮንት ሲመጣ ከባዱ ቀዝቃዛ አየር ሞቃቱን ከስር ገብቶ ያነሳዋል፣ አጭርና ከባድ ዝናብ ይሆናል፤ ሞቃት ፍሮንት ላይ ሞቃቱ በቀስታ ቀዝቃዛው ላይ ይወጣል፣ ረጅምና ቀላል ዝናብ። ይሄ በብዛት እንደ አውሮፓ ያሉ አገሮች ነገር ነው፣ የጅማን የከሰዓት ዝናብ "ቀዝቃዛ ፍሮንት" ብላችሁ እንዳትጽፉ። እርጥበቱ ከአትላንቲክ በኮንጎ በኩል ይመጣል ይባላል፣ ከህንድ ውቅያኖስም ብዙ ይገባል የሚሉ አሉ። የማያከራክረው ግን ከሰሜንና ከደቡብ የሚነፍሱት ነፋሶች የሚገናኙበት ቀበቶ ከፀሐይ ጋር ወደ ሰሜን ሲወጣ እርጥቡ ነፋስ ደቡብ ምዕራብን ቀድሞ ያገኛል፣ ሲመለስም ዘግይቶ ይለቀዋል፣ የጅማ ዝናብ ከሰሜኑ የሚረዝመው በዚህ ነው።