«ኮምፕሪሄንሲቭ ብቻ» ምንድን ነው? ለወራት ለሚቆም መኪና የሚቀረው የመድን ሽፋን

በሰሜን ቨርጂንያ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ከዲሴምበር እስከ አፕሪል አምስት ወር አዲስ አበባ ሊከርም ነው እንበል። መኪናው በቤቱ ግቢ ውስጥ ቆሞ ይከርማል፤ ወርኃዊው አረቦን ግን አብሮት አይቆምም። አብዛኛው ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል፦ እያጉረመረመ ሙሉውን ይከፍላል፣ ወይም መድኑን ጨርሶ ሰርዞ ይሄዳል። በመካከላቸው ሌላ መንገድ አለ። የመድን ወኪሎች «የስቶሬጅ ኢንሹራንስ» ይሉታል። ስሙ የተለየ ውል ያስመስለዋል እንጂ ራሱን የቻለ የመድን ዓይነት አይደለም። ከነባሩ ውል ላይ መኪና ሲነዳ የሚያስፈልጉትን ሽፋኖች ለጊዜው አንስቶ ኮምፕሪሄንሲቭ የተባለውን ብቻ ማስቀረት ነው።

ይህ ቃል ከኢትዮጵያ የመጣን ሰው ያሳስታል፤ ሲያሳስትም ደጋግሜ አይቻለሁ። በአገር ቤት ኮምፕሪሄንሲቭ ማለት ሙሉ መድን ነው፤ ግጭቱንም፣ ስርቆቱንም፣ ሦስተኛ ወገንንም አጠቃሎ ይይዛል። በአሜሪካ ግን ከሙሉ መድን አንዱ ቁራጭ ብቻ ነው። ሌሎቹ ዋና ዋና ቁራጮች ላያቢሊቲ እና ኮሊዥን ይባላሉ። ላያቢሊቲ በሌላ ሰው አካልና ንብረት ላይ ላደረሱት ጉዳት የሚከፍል ሲሆን፣ የእኛው ሦስተኛ ወገን ማለት ነው። ኮሊዥን መኪናዎ ከሌላ መኪና ወይም ከግንብ ጋር ሲጋጭ ወይም ሲገለበጥ የራስዎን መኪና ያሠራል። ኮምፕሪሄንሲቭ ከግጭት ውጭ ያለውን ይይዛል። በብዙ የውል ሰነዶች ላይም የተጻፈው ስሙ «ከግጭት ሌላ» የሚል ነው። ስለዚህ ወኪሉ «ኮምፕሪሄንሲቭ ይቀርልዎታል» ሲል «ሙሉው ይቀርልኛል» ብሎ የሚሰማ ሰው ከቀረለት የተወሰደበት ይበልጣል።

የቀረው ግን ለቆመ መኪና ዋጋ አለው። መኪናው ቢሰረቅ፣ ቢቃጠል፣ በረዶ ቢደበድበው፣ የዛፍ ቅርንጫፍ ቢወድቅበት፣ ጎርፍ ቢገባበት፣ ሰው ሆን ብሎ መስተዋቱን ቢሰብረው መድኑ ይከፍላል። አይጥ ከሞተሩ ክዳን ሥር ጎጆ ሠርታ የኤሌክትሪክ ሽቦ ብትበላም ብዙውን ጊዜ ይሸፈናል፤ በክረምት ለወራት ለሚቆም መኪና ይህ የሩቅ ስጋት አይደለም። መቆሙ ራሱ የሚያመጣው ጉዳት ግን አይካስም። የሞተ ባትሪ፣ ቅርጹን ያጣ ጎማ፣ የዛገ የፍሬን ዲስክና በወንበር ላይ የበቀለ ሻጋታ የባለቤቱ ወጪ ናቸው።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። የቤተሰቡ አረቦን በወር 150 ዶላር ነው እንበል፤ ከዚህ ውስጥ የኮምፕሪሄንሲቭ ድርሻ 20 ዶላር ይሁን። አምስት ወር ሙሉውን ቢከፍሉ 750 ዶላር ይሆናል፤ ኮምፕሪሄንሲቭ ብቻ ቢያስቀሩ 100 ዶላር። የራስ ድርሻቸው፣ ማለትም ከካሳው ላይ የሚቀነሰው፣ 500 ዶላር ነው። በፌብሩዋሪ ቅርንጫፍ ወድቆ ጣሪያውንና የፊት መስተዋቱን ይሰብራል፤ ጥገናው 2,300 ዶላር ይፈጃል። መድኑ 1,800 ዶላር ይከፍላል። ጨርሰው ሰርዘው ቢሆን ኖሮ ሌላ 100 ዶላር ያተርፉና 2,300ውን ከኪሳቸው ያወጡ ነበር።

በማግስቱ ደግሞ የባለቤቱ የእህት ልጅ ሊረዳ አስቦ መኪናውን ወደ ጋራዥ ይነዳል እንበል። በመንገድ ላይ የቆመ መኪና ይገጫል። ለተገጨው መኪና የሚከፍለው ላያቢሊቲ ተነሥቷል፤ የራሳቸውን መኪና የሚያሠራው ኮሊዥንም ተነሥቷል። የሁለቱም መኪና ወጪ በቤተሰቡና በልጁ ላይ ይወድቃል። ሁለት መቶ ሜትር መንዳትና ሁለት መቶ ማይል መንዳት በዚህ ረገድ ልዩነት የላቸውም። ቁልፉን አደራ የሚቀበለው ዘመድ ይህን በግልጽ ሊነገረው ይገባል፦ ሞተሩን ማስነሣት ይችላል፤ ከግቢው ማውጣት አይችልም። ሌላም አለ። አንድ ሰው በመኪናው ወደ ግቢው ገብቶ የቆመውን መኪና ገጭቶ ቢጠፋ፣ ይህ ግጭት ስለሆነ ኮምፕሪሄንሲቭ አይከፍልም።

እስካሁን የተባለው ሁሉ በእናንተና በኩባንያው መካከል ነው። ትልቁ ስህተት የሚሠራው ግን ከግዛቱ የሞተር ተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት ጋር ነው። በቨርጂንያ ሰሌዳው ሥራ ላይ ያለ መኪና ላያቢሊቲ ሊኖረው ግድ ነው፤ ቆመም ተነዳም። ቀደም ሲል 500 ዶላር ከፍሎ ያለ መድን የመንዳት አማራጭ ነበር፤ እርሱም ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ቀርቷል። ኩባንያው ላያቢሊቲውን ሲያነሣ ለመሥሪያ ቤቱ በኮምፒውተር ያስታውቃል። ሰሌዳው በዚያ ቀን ሥራ ላይ ከሆነ የማረጋገጫ ደብዳቤ ወደ ቤት ይላካል፤ ባለቤቱ ግን አዲስ አበባ ነው፣ ደብዳቤውን የሚከፍት የለም። መጨረሻው የ600 ዶላር ክፍያና የመንጃ ፈቃድ መታገድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም፤ መጀመሪያ ሰሌዳውን በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ወይም በአካል ቀርቦ ከሥራ ማስወጣት፣ ማረጋገጫውን ማስቀመጥ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ለወኪሉ ደውሎ ላያቢሊቲውን ማስነሣት። ሰሌዳው ከሥራ የወጣ መኪና በሕዝብ መንገድ ዳር ሊቆም አይችልም፤ ተጎትቶ ይወሰዳል። የግል ግቢ ወይም ጋራዥ የሌለው ሰው ይህን መንገድ ባይሞክረው እመክራለሁ። ግቢ ያለውም የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ያለ ሰሌዳ የቆመ መኪና ይፈቅድ እንደሆነ ይጠይቅ።

መኪናው የባንክ ዕዳ ካለበት ጉዳዩ ከመጀመሪያውም አይሠራም ማለት ይቻላል። የብድር ውሉ ኮሊዥንም ኮምፕሪሄንሲቭም እስከ መጨረሻው ክፍያ እንዲኖሩ ያስገድዳል። ኮሊዥኑ ሲነሣ አበዳሪው ራሱ መድን ገዝቶ ዋጋውን በዕዳው ላይ ይጨምራል፤ ያ መድን እጅግ ውድ ነው፣ የሚጠብቀውም በዋናነት የአበዳሪውን ጥቅም ነው።

ሙሉ በሙሉ ከመሰረዝ ይልቅ ይህን የሚያስመርጥ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። የመድን ታሪኩ የተቋረጠ ሰው ተመልሶ ሲመጣ አረቦኑ ብዙ ጊዜ ይጨምርበታል። ኮምፕሪሄንሲቭ ብቻ ሲቀር ግን ውሉ በሕይወት ይቆያል። ሁሉም ኩባንያ አንድ ዓይነት ደንብ የለውም፤ ብዙዎቹ መኪናው ቢያንስ ለ30 ቀን እንዲቆም ይጠይቃሉ፣ አንዳንዶቹ በውሉ ላይ ሌላ መኪና ከሌለ አይፈቅዱም። ለወኪሉ የሚቀርበው ጥያቄ «የላያቢሊቲ ታሪኬ እንደተቋረጠ ይቆጠራል ወይ?» የሚል ይሁን፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ።

በመመለሻው ጊዜ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ከበረራው ጥቂት ቀናት በፊት ከአዲስ አበባ ሆኖ ወኪሉን በማነጋገር ላያቢሊቲውንና ኮሊዥኑን ማስመለስ፣ ቀጥሎ ሰሌዳውን ወደ ሥራ ማስገባት። ይህ ሳይደረግ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሶ መኪና የሚከራይ ሰው ሌላ አደጋ አለበት። የግል ላያቢሊቲ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱን ተከትሎ ወደ ተከራየው መኪና ይሄዳል፤ ቤተሰቡ ሌላ ሙሉ መድን ያለው መኪና ከሌለው ግን አሁን የሚከተለው የለም፤ በኪራይ ድርጅቱ ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበውን የላያቢሊቲ ሽፋን መግዛት ይኖርበታል።