የንግግርን ርዝመት ከቃላት ብዛት መገመትና ጽሑፍን በተሰጠው ደቂቃ ልክ ማሳጠር

በጽሑፍ የተዘጋጀ ንግግር ከመነበቡ በፊት ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ ማወቅ የሚቻለው በአንድ ቀላል ማካፈል ነው፤ የቃላቱ ብዛት በደቂቃ ለሚነበበው የቃላት ብዛት ይካፈላል። ሒሳቡ ማንንም አያስቸግርም። የሚያስቸግሩት ወደ ሒሳቡ የሚገቡት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ከሚነገረው ያነሰ ሆኖ ይገኛል፤ ሁለተኛው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሌላ ቋንቋ የተዋሰ ነው።

ሰዓት በማያላላ ቦታ ላይ ስሕተቱ ቶሎ ይጋለጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 በአውስትራሊያው የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የሦስት ደቂቃ የመመረቂያ ጽሑፍ ውድድር ጥሩ ምሳሌ ነው። ተማሪው የዓመታት ጥናቱን በ3 ደቂቃ ያቀርባል፤ ካለፈ ከውድድሩ ይወጣል። አዘጋጆቹ ውድድሩን ሲያስተዋውቁ 80,000 ቃላት ያለው የመመረቂያ ጽሑፍ ለማቅረብ 9 ሰዓት ይፈጃል ይላሉ። ብናካፍለው በደቂቃ 148 ቃል ገደማ ይመጣል፤ ይህም በእንግሊዝኛ ንባብ የተለመደችው የ150 ቃል መለኪያ ናት። ችግሩ ብዙ ሰው ይህችኑ 150 አንሥቶ በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ማዋሉ ነው።

የአማርኛ ቃል ሸክሙ ከባድ ነው። «አላየኋቸውም» ስንል አንድ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ ይኸው ሐሳብ አምስት ቃል ይፈልጋል። አድራጊው፣ ተደራጊው፣ ጊዜውና አሉታው ሁሉ በአንድ ግስ ላይ ተጭነዋል። ስለዚህ በአማርኛ በደቂቃ የሚነበበው የቃል ቁጥር ከእንግሊዝኛው በጣም ያነሰ ነው፤ አንባቢው ስለዘገየ ግን አይደለም። በ150 ሒሳብ «ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል» የተባለ 450 ቃል በአማርኛ ሲነበብ አራት ደቂቃን አልፎ ይሄዳል።

ፍጥነትን መለካት

መፍትሔው አንባቢው የራሱን ፍጥነት መለካት ነው። ከሚነበበው ጽሑፍ ጋር የሚመሳሰል ሁለት ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ክፍል ይመረጣል፤ መግቢያው ባይሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱም መግቢያ ላይ ሁሉም ሰው ረጋ ይላል። ክፍሉ ጮክ ተብሎ፣ በትክክለኛው የማይክሮፎን ድምፅ፣ ከነትንፋሹና ከነዕረፍቱ ሦስት ጊዜ ይነበባል፤ የመካከለኛው ውጤት ይወሰዳል። በዓይን ወይም በከንፈር ብቻ የተነበበ አይቆጠርም። ዓይን አራት ነጥብ ላይ ቆሞ አይተነፍስም።

210 ቃላት ያለው ክፍል በ120 ሰከንድ ቢነበብ፣ ፍጥነቱ በደቂቃ 105 ቃል፣ በሰከንድ 1.75 ቃል ነው። ይህ የዚያ አንባቢና የዚያ ዓይነት ጽሑፍ ቁጥር ነው። ያው ሰው ተረት ሲያነብና የጥናት ውጤት ሲያነብ አንድ ዓይነት ፍጥነት አይኖረውም።

ፊደላችን ለዚህ ሥራ ሌላ ጥሩ መለኪያ ይሰጣል። «እና» አንድ ቃል ነው፤ «እንደሚያስፈልጋቸው»ም አንድ ቃል ነው፤ የመጀመሪያው ሁለት ፊደል፣ ሁለተኛው ዐሥራ አንድ ፊደል አለው። አንድ ፊደል ባብዛኛው ከአንድ የድምፅ ምት ጋር ስለሚቀራረብ፣ የፊደሉ ብዛት ከቃሉ ብዛት ይልቅ ለሰዓት ይታመናል። ፍጹም ግን አይደለም። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ ያለ አናባቢ ይቀራል፤ መጥበቅና መላላትም በጽሑፍ አይታይም። ረዘም ባለ ጽሑፍ ላይ ይህ ልዩነት እርስ በርሱ ይጣፋል። ከላይ የተነበበው ክፍል 880 ፊደል ቢኖረው፣ የአንባቢው ፍጥነት በሰከንድ 7.3 ፊደል ነው ማለት ነው።

ቆጣሪው የማያየው

የኮምፒዩተር ቃል ቆጣሪ የሚቆጥረው በክፍት ቦታ የተለየውን ነገር ነው። አራት ነጥብን ከቃሉ አርቆ የሚጽፍ ሰው ነጥቡ ራሱ እንደ ቃል ይቆጠርበታል። በተቃራኒው በሁለት ነጥብ ብቻ የተለያየ የቀድሞ አጻጻፍ ዐረፍተ ነገሩ በሙሉ አንድ ቃል ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ቁጥርና ምህጻረ ቃል ነው። «እ.ኤ.አ. በ1973» በቆጣሪው ዘንድ ሁለት ቃል ነው። አንባቢው አፍ ላይ ሲደርስ «እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሦስት» ይሆናል፤ ዘጠኝ ቃል። እኔም አንድ ጊዜ በዓመተ ምሕረትና በመቶኛ የተሞላ ጽሑፍ ይዤ ገብቼ፣ ቆጣሪውን አምኜ፣ የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ሳልጨርስ ማይክሮፎኑ ተዘግቶብኛል። ከዚያ ወዲህ ከመቁጠሬ በፊት ቁጥሩንም ምህጻሩንም በፊደል ዘርግቼ እጽፋለሁ። ለንባብም ይቀላል።

ሌላዋ ትንሽ ወጥመድ ዐሥርዮሽ ናት። 339 ቃል ለ105 ሲካፈል 3.23 ይመጣል። ይህ ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሦስት ሰከንድ አይደለም፤ 0.23 በ60 ሲባዛ 14 ስለሚሆን፣ ሦስት ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ነው። በኤክሴል ለሚሠራ ሰው፣ የቃላቱ ብዛት በ`A1`፣ ፍጥነቱ በ`A2` ከሆነ፣ የሚከተለው ቀመር በ`[m]:ss` ቅርጽ ሲታይ ትክክለኛውን ደቂቃና ሰከንድ ያሳያል፤

```
=A1/A2/1440
```

አንድ ጽሑፍ ሲቆረጥ

ስለ ንቦች የተዘጋጀ የሦስት ደቂቃ የሬዲዮ ጽሑፍ እንውሰድ። ቀጣዩ ፕሮግራም በሰዓቱ በራሱ ስለሚጀምር፣ 180 ሰከንዱ ላይ አንድም አይጨመርም። አንባቢው የላይኛው ነው፤ በደቂቃ 105 ቃል።

ሥራው የሚጀምረው ከቃላት ሳይሆን ከሰከንድ ነው። የመክፈቻው ሙዚቃ 8 ሰከንድ፣ የንብ አርቢው የተቀዳ ድምፅ 24 ሰከንድ ይወስዳል፤ 4 ሰከንድ ለመጠባበቂያ ይያዛል። ለአንባቢው የሚቀረው 144 ሰከንድ ነው፤ በ1.75 ሲባዛ 252 ቃል። ጀማሪ አዘጋጆች 180ውን በሙሉ በቃላት ሞልተው፣ የተቀዳው ድምፅ የት እንደሚገባ በኋላ ነው የሚያስቡት።

ቆጣሪው ጽሑፉ 318 ቃል ነው ይላል። ቁጥርና ምህጻሩ ሲዘረጋ 339 ሆነ። ስለዚህ 87 ቃል መውጣት አለበት፤ 50 ሰከንድ ገደማ ማለት ነው። ይህን ያህል ትርፍ እዚህም እዚያም አንዳንድ ቅጽል በመንቀል አይወጣም። የሞከረ ሰው ያውቀዋል፤ ሁሉም ዐረፍተ ነገር ይደርቃል፣ ሰዓቱ ግን አሁንም ያልፋል። መጀመሪያ ሙሉ አካል ነው የሚወጣው። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ማር በጥንት ዘመን ለምን ይውል እንደነበር የሚያወራ 41 ቃል ያለው አንቀጽ አለ። ደስ የሚል አንቀጽ ነው፤ ነገር ግን ቢወጣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ሳይናጋ ይቆማል። መፈተኛው ይኸው ነው፤ አንቀጹን በእጅ ሸፍኖ ቀጣዩን ማንበብ። 298 ቀረ።

ቀጥሎ የተቀዳው ድምፅ መንደርደሪያ ይታያል። አዘጋጁ በ19 ቃል ንብ አርቢው የሚሉትን አስቀድሞ ተናግሮታል፤ እርሳቸው መጥተው ያንኑ ይደግሙታል። በስድስት ቃል ማንነታቸውን ብቻ መናገር በቂ ነው። 285። ከዚያ «እ.ኤ.አ. በ1973» ወጣ። የንቦችን ጭፈራ የፈታው ካርል ፎን ፍሪሽ የኖቤል ሽልማት ማግኘቱ ለአድማጩ ይበቃዋል፤ ዓመቱን በጆሮ የሚይዘው የለም። በአንድ ጊዜ ዘጠኝ ቃል፤ 276።

አሁን ወደ ዐረፍተ ነገሩ መውረድ ይቻላል። አንዱ እንዲህ ይል ነበር፤

«ሠራተኛዋ ንብ አበባ የሚገኝበትን ቦታ ካገኘች በኋላ ወደ ቀፎዋ ተመልሳ በመምጣት ለሌሎቹ ንቦች ስለ አቅጣጫውና ስለ ርቀቱ በጭፈራ አማካይነት መረጃ ታስተላልፋለች።»

21 ቃል፣ 81 ፊደል። ከተመለሰች መምጣቷ አይቀርም፤ መረጃ ማስተላለፍ መንገር ነው፤ የምትነግረውም ቀፎ ውስጥ ያሉትን ንቦች መሆኑ ግልጽ ነው።

«ሠራተኛዋ ንብ አበባ ስታገኝ ወደ ቀፎዋ ተመልሳ አቅጣጫውንና ርቀቱን በጭፈራ ትነግራለች።»

11 ቃል፣ 44 ፊደል። በቃል ሒሳብ ስድስት ሰከንድ ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ በፊደል ሒሳብ አምስት ሰከንድ ተረፈ። ሁለቱ ሲቀራረቡ ቁጠባው እውነተኛ ነው። የማይቀራረቡበት ጊዜም አለ። «ስለ አነሰ» የሚለውን «ስላነሰ» ብሎ መጻፍ ከቆጣሪው ላይ አንድ ቃል ይቀንሳል፤ ከሰዓቱ ላይ ግን የሚቀንሰው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ቃል እያጣበቁ ቁጥር ማውረድ ራስን ማታለል ነው። በአንጻሩ «ውይይት አደረጉ» ወደ «ተወያዩ» ሲለወጥ ከስምንት ፊደል አራቱ በእርግጥ ይሄዳሉ። «እንደሚታወቀው»፣ «ከዚህ ጋር ተያይዞ»፣ «መግለጽ እንወዳለን» የመሳሰሉት ደግሞ ማንም ሳያዝንላቸው ይወጣሉ። ከሌሎች ዐረፍተ ነገሮች በዚህ መንገድ ስድስት ቃል ተጨምሮ ሲወጣ 260 ደረሰ።

በሒሳቡ 149 ሰከንድ መሆን ነበረበት። ጮክ ብሎ ሲነበብ 151 ሆነ፤ የፍሪሽን ስም ለመጥራት አንባቢው በእያንዳንዱ ጊዜ ትንሽ ይቆማል። ሰባት ሰከንድ ትርፍ። እዚህ ላይ የተለመደው ፈተና «ትንሽ ፈጠን ብለህ አንብበው» ማለት ነው። ግን የሚፈጥን አንባቢ ዕረፍቱን ነው የሚበላው፤ አድማጩም ሐሳቡ የት እንደሚያልቅ መስማት ያቆማል። ይልቅ 14 ቃል ያላት አንዲት የምሳሌ ዐረፍተ ነገር ወጣች። 246 ቃል፤ ሲነበብ 143 ሰከንድ።

በአየር ላይ

በተመልካች ፊት የሚደረግ ንግግር ሳቅና ጭብጨባ ስላለው ከስቱዲዮ የበለጠ መጠባበቂያ ይፈልጋል፤ አዳራሹ ሲያስተጋባም ንግግሩ የግድ ይዘገያል።

በስቱዲዮ ግን ልምድ ያላቸው አንባቢዎች ሰዓቱን ከመጨረሻው ወደ ኋላ ይቆጥሩታል። የመዝጊያው ዐረፍተ ነገር 9 ሰከንድ የሚወስድ ከሆነ፣ 4 ሰከንዱ መጠባበቂያ ሲጨመርበት፣ በ2 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ላይ መጀመር አለበት። ይህ ቁጥር በእርሳስ ከዳሩ ይጻፋል። ከመዝጊያው በፊት ያለችው ዐረፍተ ነገር በቅንፍ ትከበባለች፤ አንባቢው እርሷ ጋ ሲደርስ፣ እርሷን ቢያነብ ሰዓቱ 2 ደቂቃ ከ47ን የሚያልፍበት ከሆነ፣ ዘሏት በቀጥታ ወደ መዝጊያው ይሄዳል።