18 «ይዛለች» እና 18 «ሞልቷታል» አንድ አይደሉም

ጎንደር ላይ ከጥምቀት በኋላ ሠርጉ ሲደራ «ልጅቷ እኮ 18 ይዛለች» የሚል ነገር ይሰማል። መያዝ አይበቃም! ሕጉ የሚለው 18 መሙላት ነው፤ ለወንድም ለሴትም፣ ወላጅ ቢስማማም ባይስማማም።

በምሳሌ እንየው። ሚያዝያ 20 ቀን 2000 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ ሠርጓ ጥር 2018 ቢሆን ገና 17 ዓመት ከ9 ወር አካባቢ ናት። 18 የሚሞላት ሚያዝያ 20 ቀን 2018 ነው። ስለዚህ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ቀንሳችሁ «2018 ሲቀነስ 2000፣ አለቀ» አትበሉ፤ ወሩንና ቀኑንም እዩ።

ማረጋገጫው የልደት ምስክር ወረቀት ነው። ግን መቼ እንደተመዘገበም ተመልከቱ፤ ከሠርጉ ጥቂት ሳምንት በፊት የወጣ ከሆነ ከክርስትና ወረቀትና ከትምህርት ቤት መዝገብ ጋር አስተያዩት። ሐኪም ቤት በራጅ የሚሰጠው ዕድሜ ግምት ነው፣ ትክክለኛ የልደት ቀን አይነግርም።

ውል ላይም ያው 18 ነው፤ ከዚያ በታች ላለ ልጅ ሞግዚቱ ነው የሚፈርመው። ሥራ ግን ይለያል፦ በአዋጅ 1156/2011 መሠረት 15 የሞላው ሊቀጠር ይችላል፣ 18 እስኪሞላው ግን በቀን ከ7 ሰዓት በላይም ሆነ ሌሊት ማሠራት ክልክል ነው።