ሶላሩን ጥቁር አትቀቡት

«የውሃ ማሞቂያ ሶላሬ ላሜራ ደብዝዞ ሰማያዊ ሆነ። ጥቁር ቀለም ብቀባው የበለጠ አያሞቅም?»

አያሞቅም፤ እንዲያውም ያበላሸዋል። ጎንደር ውስጥ ሶላር ስጠግን የሚያናድደኝ ይህ ነው። አዘዞ ያለ የአንድ ፔንሲዮን ባለቤት ከሁለቱ ሶላሮች የአንዱን መስታወት አንስተው፣ ላሜራውን በሚገባ ቀብተው ጠበቁኝ። «ጋሼ፣ ምነው ሳይነግሩኝ!» አልኳቸው።

ሰማያዊነቱ መደብዘዝ አይደለም። ላሜራው ላይ የተለበጠው ስስ ሽፋን ከፋብሪካ ሲወጣም እንደዚያው ነው። ከፀሐይ ብርሃን 95 በመቶውን ይውጣል፤ ከሚመልሰው ጥቂት ብርሃን ሰማያዊው ስለሚበዛ ነው እንዲያ የሚታየን። ጥቁር ቀለምም የሚውጠው ያንኑ ያህል ነው። የሚለያዩት ሙቀቱን መልሰው ሲለቁ ነው።

የሞቀ ነገር ሁሉ በዓይን የማይታይ ጨረር፣ ኢንፍራሬድ፣ ይለቃል። ቀለም ሊለቀቅ ከሚችለው 90 በመቶውን ይለቃል፤ ጥሩ ሽፋን ግን 10 በመቶ ቢሆን ነው። ሽፋኑ በጣም ስስ ስለሆነ ኢንፍራሬድን አይዝም። ከሥሩ ያለው የሚያብረቀርቅ መዳብ ደግሞ ኢንፍራሬድ የሚለቀው በጣም ጥቂት ነው። ቀለም ሲደረብበት ይህ ጥቅም ይጠፋል።

እናስላው። እኩለ ቀን ላይ አንድ ካሬ ሜትር 1000 ዋት ቢያርፍበት ሁለቱም 950 ይውጣሉ። ላሜራው 80 ዲግሪ፣ ዙሪያው 20 ዲግሪ ቢሆን፣ የተቀባው በጨረር 416 ዋት ያጣል፤ ሽፋን ያለው 46 ብቻ።

ላሜራው ሙቀቱ የሚቆመው የሚገባውና የሚወጣው እኩል ሲሆን ነው። ውሃ ባይኖርበትና ሙቀት የሚወጣው በጨረር ብቻ ቢሆን፣ የተቀባው 128 ዲግሪ ላይ ይቆማል። ሽፋን ያለው 370 ያልፋል። በተግባር አየሩም ሙቀት ስለሚወስድ ሁለቱም ከዚህ በጣም ዝቅ ይላሉ፤ ብልጫው ግን የሽፋኑ ነው።

ጋሼ አላመኑኝም። የሁለቱንም መስታወት አንስቼ በሽጉጥ መሰሉ የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ለካሁላቸው። የተቀባው ትኩስ አለ፤ ሰማያዊው ገና ያልሞቀ መሰለ። «ይኸው፣ የኔው በለጠ!» አሉ። በሚነካው ቴርሞሜትር ስለካው ግን ሰማያዊው ነበር የበለጠ የሞቀው። ሽጉጡ የሚያነበው የሚለቀቀውን ጨረር ነው፤ ሰማያዊው ሙቀቱን ይዞ ስላስቀረ አታለለው። እናንተም ሽፋናችሁ ደህና መሆኑን በዚሁ መንገድ ማየት ትችላላችሁ። በመስታወቱ ላይ ብትለኩ ግን የምታገኙት የመስታወቱን ሙቀት ነው።

«ጥሩ የሚስብ ጥሩ ይለቃል ተብሎ ተምረናል እኮ!»

እውነት ነው፤ ግን ለአንድ የሞገድ ርዝመት ነው። የፀሐይ ብርሃን ከሞላ ጎደል ከ2.5 ማይክሮሜትር በታች ነው። 80 ዲግሪ የሞቀ ላሜራ ደግሞ በብዛት የሚለቀው 8 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው። ሽፋኑ በመጀመሪያው ጥቁር፣ በሁለተኛው ደግሞ እንደ መልክ ማያ መስታወት ነው።

«ታዲያ ቀለም የተቀባ ሶላር ከንቱ ነው?»

አይደለም። 40 ዲግሪ ለብ ያለ ውሃ ከበቃችሁ ልዩነቱ በካሬ ሜትር 100 ዋት ገደማ ነው።

«የቆሸሸውን ላሜራ በምን ልፈትገው?»

በምንም። ከላይ ያለውን መስታወት ብቻ እጠቡ።