የዋጋ አደማመር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ካልኩሌተር እያለ በእጅ መደመር ምን አደከመኝ?»
አንዷን ቁጥር አሳስተህ ከነካህ፣ ካልኩሌተሩ የተሳሳተውን በትክክል ይደምርልሃል። የት እንደሳትክ ግን አያሳይህም።

«ጋሼ፣ ከላይ ወደ ታች በተራ ነው የሚደመረው። ከዘለልክ ትሳሳታለህ።»
ይቺን መስማት ሰልችቶኛል። እዚህ ደብረ ብርሃን የዱቤ ደብተር አስደምሬ ካየኋቸው ልጆች ብዙዎቹ «ሃያ ሰባት... ሠላሳ አምስት...» እያሉ ይወርዳሉ። መሀል ላይ ደንበኛ «ጨው አለ?» ሲላቸው ድምሩ ከአፋቸው ይጠፋል። ቁጥር ደግሞ በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢደመር ውጤቱ ያው ነው። ስለዚህ የሚያቀልልህን ተራ ምረጥ፤ አስር የሚሞሉትን አሃዞች እየፈለግህ አጣምር።

ከአንድ ቤተሰብ የዱቤ ገጽ ላይ ያገኘሁትን እንውሰድ፦ 185፣ 47፣ 63፣ 28፣ 95፣ 72፣ 36 ብር። አንዱን ከአንዱ በታች፣ ቤት በቤት አስተካክለህ ጻፍ። መጀመሪያ የአንድ ቤትን ብቻ እይ። 7 እና 3 አስር ነው። 8 እና 2 አስር ነው። ሁለቱ 5ቶችም አስር ናቸው። ጥንድ ባገኘህ ቁጥር ሁለቱንም በእርሳስ ስስ ሰረዝ አድርግባቸውና በጎን አንድ ነጥብ ጣል። ሦስት ነጥብ ሆነ፣ 6 ብቻዋን ቀረች፤ 36። 6 ጻፍ፣ 3 ያዝ።

የአስር ቤት፦ 4 እና 6፣ 8 እና 2፣ 7 እና 3። የቀረው 9 ነው፤ 39። የያዝከውን 3 ስትጨምር 42። 2 ጻፍ፣ 4 ያዝ። የመቶ ቤት 1 ከ4 ጋር 5። ድምሩ 526 ብር። ደንበኛ ቢያቋርጥህም ነጥቦቹ ወረቀቱ ላይ አሉ።

ሰረዟን አትናቃት። ያለ እሷ አንዷን 5 ሁለቴ ታጣምራለህ፣ ወይም አንዷን ትዘላለህ። ጥንድ ካልተገኘ በግድ አትፈልግ፤ 2፣ 3 እና 5ም አስር ይሆናሉ፣ የተረፈውን መጨረሻ ላይ ደምር። የአንድ ቤቱን 7 ከአስር ቤቱ 3 ጋር የሚያጣምር ግን አይቻለሁ። ይህ የሚመጣው ቁጥሮቹ ተዛንፈው ሲጻፉ ነው። ሳንቲም ካለም ብርን ከሳንቲም የሚለየው ነጥብ አንዱ በሌላው ሥር ይዋል።

«ሁለት ጊዜ ደምሬዋለሁ፣ ልክ ነው።»
በዚያው መንገድ ከደገምከው ስህተቱም አብሮ ይደገማል። ሁለተኛውን ከታች ወደ ላይ ሂድ። ልዩነቱ ልክ 10 ከሆነ የአንድ ቤት ነጥቦችህን እንደገና ቁጠር፤ አንድ አስር ሳትቆጥር ቀርተሃል ወይም ሁለቴ ቆጥረሃል።

ድምርህ ከደንበኛው ወረቀት ጋር አልገጥም ካለና ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ፣ አሃዝ ተገላብጦ ተጽፎ እንደሆነ ጠርጥር። 63 በ36 ተገልብጦ ቢጻፍ ድምሩ 499 ይሆናል፤ ልዩነቱ 27 ነው። ይህን በአስር ማጣመር አይይዘውም፤ እያንዳንዱን ዋጋ ከደንበኛው ወረቀት ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።