ጥላና ውሃ ሰዓት የሆኑበት ዘመን

በጥንቷ ግብፅ አንድ ሰዓት ሁልጊዜ 60 ደቂቃ አልነበረም። ፀሐይ ከምትወጣበት እስከምትጠልቅበት ያለው ጊዜ ለ12፣ ሌሊቱም ለብቻው ለ12 ይከፈል ስለነበር፣ ቀኑ ሲረዝም የቀኑ ሰዓት አብሮ ይረዝማል፤ የሌሊቱ ያጥራል። ዛሬ ሉክሶር በምትባለው በቴብስ የቀኑ ሰዓት በሰኔ ወደ 68 ደቂቃ ደርሶ በታኅሣሥ ወደ 53 ይወርዳል። እኛም እስከ ዛሬ ቀኑን የምንቆጥረው ከንጋት ተነሥተን ነው፤ የእኛ ሰዓት ግን ከወር ወር አይለዋወጥም።

የቀኑን ሰዓት ጥላ ይናገራል። በ2013 እ.ኤ.አ. የባዝል ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂስቶች በነገሥታት ሸለቆ ያገኙት የኖራ ድንጋይ ስባሪ ከክርስቶስ ልደት በፊት የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ ለ12 የተከፈለ ግማሽ ክብ ተሥሎበታል፤ ችካል የሚሰካበት ቀዳዳም አለው። ድንጋዩ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል የችካሉ ጥላ ከመስመር ወደ መስመር ይሻገራል።

ለሌሊቱ ግን ውሃ ያስፈልጋል። በ1904 እ.ኤ.አ. በካርናክ ቤተ መቅደስ የተገኘው፣ በፈርዖኑ በሣልሳዊ አሜንሆቴፕ ዘመን የተሠራው የአልባስጥሮስ ዕቃ ከአፉ ሰፍቶ ወደ ታች የሚጠብ ባልዲ ይመስላል። ፀሐይ ስትጠልቅ ይሞላና ውሃው ከታች ባለች ትንሽ ቀዳዳ ይንጠባጠባል። በውስጡ ግድግዳ ላይ ለእያንዳንዱ ወር አንድ፣ በድምሩ 12 የነጥብ ረድፎች ተቀርጸዋል። ተመልካቹ የወሩን ረድፍ ይመርጥና ውሃው የትኛው ነጥብ ላይ እንደደረሰ ያያል።

ዕቃው ወደ ታች የጠበበው ለውበት ብቻ አይደለም። ውሃ ከፍ ሲል በኃይል ይወጣል፣ ዝቅ ሲል ይደክማል፤ ከፍታው ወደ ሩብ ሲወርድ የሚፈሰው መጠን በግማሽ ይቀንሳል። ግድግዳው ቀጥ ብሎ የቆመ ቢሆን ኖሮ፣ እዚያ ከፍታ ላይ ከነጥብ ወደ ነጥብ ለመውረድ የሚፈጀው ጊዜ ከመጀመሪያው እጥፍ በሆነ ነበር። የውሃው ወለል እኩል እንዲወርድ በሩብ ከፍታ ላይ ከዳር እስከ ዳር ያለው ርቀት ከአፉ 71 በመቶ ያህል መሆን አለበት፤ ይህንንም በትክክል የሚያሟላው ጎበጥ ያለ ግድግዳ ነው። የካርናኩ ዕቃ ግድግዳ ያዘነበለ እንጂ የጎበጠ ስላልሆነ፣ ሰዓቶቹ እኩል ለመሆን ይቀርባሉ እንጂ ፍጹም እኩል አይሆኑም።

ሌላም እንከን አለ። ቀዝቃዛ ውሃ ከሞቃት ውሃ ቀስ ብሎ ይፈሳል፤ ደለልና የኖራ ዝቃጭም ቀዳዳዋን ያጠባል። ጎሕ ቀዶ ውሃው ገና ከመጨረሻው ነጥብ በላይ ከቆመ፣ ዕቃው ወደኋላ መቅረቱ ይታወቃል።

የፀሐይ ሰዓት ደግሞ ከተሠራበት አገር ሲርቅ ይሳሳታል። ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ263 ከሲሲሊዋ ካታኒያ የማረኩትን የፀሐይ ሰዓት በከተማቸው አቆሙ፤ ሮም ግን ከካታኒያ ከ4 ዲግሪ በላይ ወደ ሰሜን ስለምትርቅ መስመሮቹ ከጥላው ጋር አይገጥሙም ነበር። እንዲያም ሆኖ 99 ዓመት ሲመሩበት ከቆዩ በኋላ በ164 ለሮም የተሠራ ሌላ አቆሙ። ደመና በሸፈነ ቀን ግን እሱም አይሠራም ነበርና፣ ሮማዊው ባለሥልጣን ስኪፒዮ ናሲካ በ159 የውሃ ሰዓት እስኪያቆምላቸው ድረስ በዚያ ቀን ሰዓቱን የሚያውቁበት መሣሪያ አልነበራቸውም።