የልጅ የክፍያ ካርድ፦ ገደቡ የት ይሠራል፣ ፈቃዱስ?

ልጅ በራሱ እጅ እንዲከፍል፣ ወላጅ ደግሞ ከሩቅ እንዲቆጣጠር ታስበው የተሠሩ ካርዶችና ዋሌቶች ዛሬ በብዙ አገር አሉ። በእንግሊዝ ጎሄንሪ እ.ኤ.አ. በ2012፣ በአሜሪካ ግሪንላይት በ2014 ተመሠረቱ። ሬቮሉትን የመሰሉ ድርጅቶችና መደበኛ ባንኮችም በኋላ የየራሳቸውን አወጡ። ስማቸውና አፓቸው ይለያይ እንጂ አሠራራቸው በጣም ይመሳሰላል። ወላጆችን ግራ የሚያጋባቸውም አንድ ነገር ነው። ገደብና ፈቃድ አንድ ይመስላሉ፤ ግን የሚሠሩት በተለያየ ቦታና በተለያየ ሰዓት ነው።

አከፋፈቱ ቀላል ነው። መጀመሪያ ወላጁ በራሱ መታወቂያ ሂሳብ ይከፍታል። ከዚያ በአፑ ውስጥ ልጁን ይጨምራል፤ ስሙንና የትውልድ ቀኑን ይሞላል። አንዳንድ አገልግሎት የልደት ማስረጃም ይጠይቃል። የልጁ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ገንዘብ የሚሞላበት ዓይነት ነው፤ ብድርም ሆነ ከሂሳብ በላይ ማውጣት የለበትም። ወላጁ ከራሱ ሂሳብ ገንዘብ ያስተላልፋል፤ ወይም በየሳምንቱ በራሱ እንዲተላለፍ ያደርጋል። ካርዱ ሲደርስ ልጁ ፒኑን ያወጣል፤ በራሱ ስልክም የራሱን አፕ ይከፍታል። የልጁ አፕ ቀሪውን ያሳያል፤ ገደብ የመቀየሪያው ቁልፍ ግን ያለው ወላጁ ጋ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከሁሉም የጠነከረው ገደብ በአፑ ላይ የሚሞላው ቁጥር አይደለም፤ ካርዱ ላይ ያለው ገንዘብ ራሱ ነው። ሌላው ቁጥጥር ሁሉ ቢሳሳት እንኳ የሚጠፋው በአብዛኛው እዚያ ያለው ብቻ ነው። ስለዚህ «ካርዱ ሲያልቅ ከዋናው ሂሳብ በራሱ ይሙላ» የሚለውን ምርጫ ማብራት ይህን ጥበቃ በገዛ እጅ መጣል ነው። እኔ ብሆን ከሁሉ አስቀድሜ የማጠፋው እሱን ነው።

ገደቦቹ የሚሠሩት ካርዱ ማሽኑ ላይ በተነካባት ቅጽበት ነው። የሱቁ ማሽን ካርዱን ወዳወጣው ድርጅት ጥያቄ ይልካል። ጥያቄው የገንዘቡን መጠን፣ የሻጩን ስም፣ አገሩን፣ ካርዱ በቺፕ ይሁን በኢንተርኔት የተጠቀመ መሆኑን፣ እንዲሁም የሻጩን ዓይነት የሚገልጽ ባለ አራት አሃዝ ኮድ ይይዛል። ድርጅቱ እነዚህን ከወላጁ ምርጫዎች ጋር ያመሳክራል። ቀሪው ይበቃል? ከአንድ ጊዜ ገደብ ያልፋል? የሳምንቱ ድምር ሞልቷል? በኢንተርኔት መክፈል ተፈቅዷል? መልሱ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መመለስ አለበት።

ያ ባለ አራት አሃዝ ኮድ የብዙ ወላጅ ግምት የሚሳሳትበት ነው። ለምሳሌ 7995 ቁማርና ውርርድ ነው፤ 5814 ፈጣን ምግብ፣ 5921 የአልኮል መጠጥ መሸጫ ነው። ወላጁ «ቁማር ይዘጋ» ሲል አፑ የሚዘጋው ይህን ኮድ ነው። ኮዱን የሚሰጠው ግን የሻጩ ባንክ እንጂ የልጁ ካርድ ድርጅት አይደለም። ደግሞም የሚገልጸው ሱቁን ነው፤ የተገዛውን ዕቃ አይደለም። ሁሉን የሚሸጥ ትልቅ ገበያ 5411 የሚል ኮድ ካለው፣ ልጁ ዳቦ ይግዛ ሌላ ነገር ካርዱ አይለይም። በዓይነት መዝጋት ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን የተገዛው ምን እንደሆነ ያሳያል ብሎ ማሰብ አይገባም።

ወደ ፈቃድ እንምጣ። ልጁ ካሸር ፊት ቆሞ ሳለ ወላጁ በስብሰባ ላይ ሊሆን ይችላል። ካርዱ መልስ የሚጠብቀው ለሰከንዶች ብቻ ስለሆነ «እናትህን ልጠይቅ» የሚል ጊዜ የለም። ስለዚህ በካርድ ላይ ፈቃድ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ይሰጣል፤ ይህን ያህል፣ እዚህ ዓይነት ቦታ ይቻላል ይባላል። ከክፍያው በኋላ ወደ ወላጁ ስልክ የሚመጣው መልእክት ማሳወቂያ እንጂ ጥያቄ አይደለም። ሁለቱን መለየት ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል። ማሳወቂያው ሲደርስ ገንዘቡ ወጥቷል።

በዋሌት ግን ነገሩ ይለያል፤ ምክንያቱም ክፍያው ራሱ የሚጀምረው ከስልክ ነው። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የህንዱ ዩፒአይ ሰርክል ነው፤ በ2024 የጀመረ አገልግሎት ነው። የሂሳቡ ባለቤት ሌላ ሰው በእሱ ሂሳብ እንዲከፍል ሲፈቅድ ሁለት መንገድ አለው። በአንደኛው የወር ጣሪያ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ሌላው ሰው ራሱ ይከፍላል። በሁለተኛው ግን ተጠቃሚው ክፍያውን ይጀምራል፤ ባለቤቱ ፒኑን አስገብቶ እስኪያጸድቀው ድረስ ገንዘቡ አይወጣም። እውነተኛ ፈቃድ ማለት ይህ ሁለተኛው ነው።

ሦስተኛው ቦታ የአፕ መደብር ነው፤ ከሁለቱም ሌላ ሥርዓት ነው። በአፕል ስልክ ላይ Ask to Buy የሚባለው ምርጫ ከ2014 ጀምሮ አለ። ልጁ «ግዛ» ሲል ጥያቄው ወደ ወላጁ ስልክ ይሄዳል። ወላጁ ካጸደቀ ይገዛል፤ ካልመለሰ ጥያቄው ይሰረዛል። በጎግል ፋሚሊ ሊንክም ተመሳሳይ ምርጫ አለ። እዚያ ወላጁ ሁሉም ነገር ይጠየቅ፣ የሚከፈልበት ብቻ ይጠየቅ፣ ወይም በአፕ ውስጥ የሚገዛ ነገር ብቻ ይጠየቅ ብሎ ይመርጣል። የጎግሉ ጥያቄ የሚሠራው ክፍያው በጎግል ፕሌይ በኩል ሲያልፍ ነው። ልጁ የጨዋታውን ድረ ገጽ ከፍቶ የካርዱን ቁጥር ቢያስገባ ፋሚሊ ሊንክ አያየውም። ያኔ የሚቀረው የካርዱ ገደብ ነው።

ይህ ሥርዓት በዋዛ የመጣ አይደለም። በ2014 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ በጨዋታ ውስጥ ስለገዟቸው ነገሮች አፕልን ከሶ፣ ኩባንያው ቢያንስ 32.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልስ ተስማማ። በዚያው ዓመት ጎግል ቢያንስ 19 ሚሊዮን ዶላር ለመመለስ ተስማማ። የችግሩ ምንጭ ትንሽ ነገር ነበር። ወላጁ አንዴ ይለፍ ቃሉን ካስገባ በኋላ አፕሉ ለ15 ደቂቃ ሌላ ሳይጠይቅ መግዛት ይፈቅድ ነበር። ልጁ በእነዚያ ደቂቃዎች ደጋግሞ ገዛ፤ ወላጁ አያውቅም።

እስቲ አንድ ሳምንት በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹን በየትኛውም ገንዘብ አስቧቸው። አባት ለ13 ዓመት ሴት ልጁ በሳምንት 200 ይሞላል። የአንድ ጊዜ ገደቡን 80፣ የሳምንቱን 150 አደረገ። ኤቲኤም ዘጋ፤ የኢንተርኔት ክፍያን ክፍት ተወ። 50 ለቁጠባ እንዲቀር ነው ሐሳቡ። ሰኞ ልጅቱ 60 ከፈለች፤ አለፈ። ረቡዕ 90 የሚያወጣ መጽሐፍ ልትገዛ ስትል ካርዱ እምቢ አለ፤ ከ80 ይበልጣልና። ደወለች። አባቷ የአንድ ጊዜ ገደቡን ወደ 90 ከፍ አደረገና ገዛች። አሁን የሳምንቱ ድምር 150 ሞላ። ዓርብ 15 ብቻ ለትራንስፖርት ልትከፍል ስትል ካርዱ እንደገና እምቢ አለ።

ልጅቱ አፑ ላይ 50 ቀሪ ታያለች። አባትም ገደቡን ከፍ እንዳደረገ ያስታውሳል። ሁለቱም ካርዱ ተበላሽቷል ብለው ቢያስቡ አይፈረድባቸውም። ማሽኑ ምክንያቱን አብዛኛውን ጊዜ አይናገርም። በወላጁ አፕ ላይ ግን ውድቅ የተደረገው ክፍያ ከነምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይመዘገባል፤ መታየት ያለበት እዚያ ነው። በማሽኑ ደረሰኝ ላይ ኮድ ከወጣ 51 ገንዘብ አለመብቃቱን፣ 61 የመጠን ገደብ መታለፉን ይገልጻል። 05 ከሆነ ግን «አልተፈቀደም» ከማለት ውጪ ምንም አይነግርም። የአባትየው መፍትሔ የነበረው መጽሐፉ ሲገዛ የሳምንቱንም ጣሪያ ለዚያ ሳምንት ቢያንስ ወደ 165 ማድረግ ነው። ወይም የጉዞ ወጪን በዚያ ገደብ ውስጥ አለመቁጠር፤ ለምሳሌ ሌላ ካርድ መያዝ። ሳምንቱ መቼ እንደሚጀምርም መጠየቅ ይገባል። አንዳንዱ በተወሰነ ቀን ዜሮ ያደርጋል፤ ሌላው ወደ ኋላ ሰባት ቀን ይቆጥራል።

ከገደቡ የሚያመልጡ ክፍያዎችም አሉ። የመጀመሪያው ነፃ ሙከራ ነው። ልጁ ለአንድ አገልግሎት ሲመዘገብ የሚጠየቀው ዜሮ ወይም በጣም ትንሽ ገንዘብ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። ከሳምንት ወይም ከወር በኋላ ግን መደበኛው ክፍያ መቁረጥ ይጀምራል። መጠኑ ከአንድ ጊዜ ገደብ በታች ከሆነ በየወሩ ያልፋል። ምልክቱ ከማይታወቅ ሻጭ የመጣ የዜሮ ወይም የሳንቲም ማሳወቂያ ነው። እንዲህ ያለ ሲታይ ልጁን በዚያው ቀን መጠየቅ ይሻላል።

ሁለተኛው ማሽኑ ከድርጅቱ ጋር ሳይገናኝ የሚካሄድ ክፍያ ነው። በአውሮፕላን ውስጥ ወይም በአንዳንድ የጉዞ በሮች ላይ ማሽኑ ወዲያው ድርጅቱን ላይጠይቅ ይችላል። ክፍያው በኋላ ሲደርስ ቀሪው ካልበቃ ካርዱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ብዙ የልጅ ካርዶች ይህን ዓይነት ክፍያ ከመነሻው የማይቀበሉት ለዚህ ነው። አንዳንድ ሻጮች ደግሞ አስቀድመው ከፍ ያለ ገንዘብ ይይዛሉ፤ ነዳጅ ማደያና ሆቴል እንዲህ ያደርጋሉ። ያ የተያዘው ገንዘብ እስኪለቀቅ ድረስ ልጁ ሊጠቀምበት አይችልም።

የፈቃድ ሥርዓት ከሁሉ በላይ የሚፈርሰው ግን በቴክኒክ ጉድለት አይደለም፤ ልጁ የወላጁን ይለፍ ቃል በማወቁ ነው። Ask to Buy በወላጁ ስልክ ብቻ ሳይሆን በልጁ ስልክ ላይም የወላጁን ይለፍ ቃል በማስገባት ሊጸድቅ ይችላል። አንዴ «በል አስገባው» ብሎ የነገረ ወላጅ ከዚያ በኋላ ጥያቄ አይመጣለትም። ለብዙ ቀን ምንም ጥያቄ ካልመጣና አዳዲስ ጨዋታዎች ስልኩ ላይ ከታዩ፣ ይለፍ ቃሉን መቀየር ነው።

ካርድ ሲጠፋ ወላጁም ልጁም ከየአፓቸው ሊያግዱት ይችላሉ፤ ከተገኘም መልሰው ይከፍቱታል። እገዳው አዲስ ክፍያ ያስቆማል። ቀድሞ የተፈቀደና በሻጩ በኩል ገና ያልተወራረደ ክፍያ ግን ካርዱ ከታገደ በኋላም ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ካገዳችሁ በኋላ «በመጠባበቅ ላይ» የሚለውን ዝርዝር ተመልከቱ። የማታውቁት ክፍያ እዚያ ካለ በዚያው ሰዓት ለድርጅቱ አሳውቁ።